ሞረዱ የት ሄደ? የአንድ ልቦለድ ፍጻሜ በንግር ሲመዘን (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ስድስት ሰዎች ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነባለን። አንደኛው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው የተማሩ ሲሆን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከእርሳቸው ሌላ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ አለን። ባለፈው ክረምት ያነበብነው የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ነው። በአማርኛ «ታላላቅ ተስፋዎች» ብንለው ያስኬዳል። መጽሐፉ 59 ምዕራፎች ስላሉት በሳምንት ስድስት ስድስት ምዕራፍ እያነበብን በአሥር እሑድ ልንጨርሰው ተስማማን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ደንብ አወጣን። እያንዳንዳችን ደብተር ይዘን፣ ስናነብ ዐይናችንን የያዘውን ነገር ከነምዕራፉ ቁጥር በአንድ መስመር እንጽፋለን፤ የጻፍነውን ደግሞ ኋላ ላይ አንሰርዝም፣ አናርምም። ነገሩን ያመጣችው ነርሷ ናት። በሥራዋ የበሽተኛ ካርድ ላይ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ ማስተካከል ክልክል ነውና «መጽሐፍ ሲሆን ለምን ይፈቀዳል?» አለች። ይህ ደብተር ባይኖር ኖሮ የምጽፈው ጉዳይ አይኖረኝም ነበር። ጉዳዩም ንግር ነው፤ ደራሲ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ በጠቋሚ የሚያዘጋጅበት መንገድ።

ስለ ፍጻሜ እየተናገርሁ ፍጻሜውን መደበቅ አልችልም። መጽሐፉን ገና ሊያነብ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ታሪኩ ባጭሩ

ተራኪው ፒፕ ነው። ወላጆቹ ሞተውበት በእንግሊዝ አገር፣ ረግረግ በበዛበት የወንዝ ዳርቻ፣ በእህቱና በባሏ በቀጥቃጩ በጆ ቤት ያድጋል። በገና ዋዜማ ከመቃብር ስፍራ አንድ ያመለጠ እስረኛ ይይዘውና ምግብና የእግር ብረቱን የሚቆርጥበት ሞረድ እንዲያመጣለት ያስፈራራዋል። ልጁም ከቤት ሰርቆ ያደርስለታል። እስረኛው ወዲያው ይያዛል።

ቆይቶ ፒፕ ሚስ ሃቪሻም ከተባለች ሀብታም ሴት ቤት እየሄደ እንዲጫወት ይጠራል። ይህች ሴት በሠርጓ ዕለት ሙሽራው ከከዳት ጀምሮ ሰዓቶቿን ሁሉ ለሦስት ሃያ ጉዳይ ላይ አቁማ፣ የሠርግ ልብሷን ሳታወልቅ የምትኖር ናት። ያሳደገቻት ልጅ ኤስቴላ ወንዶችን እንድታቃጥል ተደርጋ የተቀረጸች ቆንጆ ናት፤ ፒፕም ይወዳታል። ከዚያ ጃገርስ የሚባል የለንደን ጠበቃ መጥቶ፣ ስሙ የማይነገር ሰው ለፒፕ ሀብት እንደመደበለትና ጨዋ ሰው ሆኖ እንዲያድግ እንደሚፈልግ ይነግረዋል። ፒፕ ሰጪዋ ሚስ ሃቪሻም እንደሆነች፣ ኤስቴላንም እንደምትድርለት አይጠራጠርም። ምዕራፍ 39 ላይ፣ ዕድሜው 23 ሆኖ፣ በአንድ የማዕበል ሌሊት ደረጃውን ወጥቶ የሚመጣው ሰጪ ግን ያ እስረኛ ነው። ማግዊች ይባላል፤ አውስትራሊያ ተግዞ በበግ እርባታ በልጽጓል።

ችግሩ

በሰባተኛው እሑድ ምዕራፍ 39ን አንብበን ስንገናኝ የሒሳብ ባለሙያው ገና ቡናው ሳይቀዳ ጀመረ።

«ይኼ ከሰማይ የወረደ ነው። ሰውዬው ምዕራፍ አምስት ላይ ተይዞ ሄደ፤ አለቀ። ደራሲው ሲጨንቀው ከባሕር ማዶ ጎትቶ አመጣብን።»

«ሞረዱስ?» አለችው ነርሷ።

«የትኛው ሞረድ?»

«መጠጥ ቤት ውስጥ መጠጡን በሞረድ ያማሰለው ሰውዬ ነዋ!»

የሒሳብ ባለሙያው ግራ ገብቶት አያት። ተማሪዋም እንደ እርሱ ግራ ተጋባች። መሐንዲሱ የሁለቱንም መጽሐፍ ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ነገሩ ታወቀ። ሁለቱ ሲያነቡ የቆዩት ለተማሪዎች ባጠረ እትም ነበር። ያሳጠረው ሰው «ለታሪኩ አያስፈልግም» ብሎ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ የምዕራፍ 10 ትዕይንት ነው።

እንግዲህ ሳናስበው ሁለት ወገን ሆነን ተገኘን። ሁላችንም ያነበብነው ፍጻሜ አንድ ነው፤ ጠቋሚዎቹ ግን ለአራታችን ብቻ ደርሰውን ለሁለቱ አልደረሱም። አራታችን «ተገርመናል፤ ግን አምነነዋል» ስንል ሁለቱ «ተጭበርብረናል» ይሉ ነበር። የሒሳብ ባለሙያው ፍርድ ስሕተት አልነበረም። በእጁ ላለው መጽሐፍ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ሞረዱን መከታተል

ለሁለቱ የጎደላቸውን ገጾች ጮክ ብለን አነበብንላቸው። በምዕራፍ 10 ፒፕ ጆ ፍለጋ ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ይሄዳል። ከጆ ጋር የተቀመጠ አንድ የማይታወቅ ሰው ልጁን ብቻ እያየ መጠጡን ያማስላል። የሚያማስለው በማንኪያ ሳይሆን በሞረድ ነው፤ ከፒፕ በቀር ማንም አያይበትም። ሞረዱ የጆ ሞረድ ነው፤ ፒፕ ሰርቆ ለእስረኛው የሰጠው ያው ራሱ። ሰውዬው ሲሄድ ለልጁ በተጨማደደ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ሽልንግ ይሰጠዋል። ቤት ሲደርሱ ወረቀቱ ሁለት የአንድ አንድ ፓውንድ ኖት ሆኖ ይገኛል።

ትዕይንቱ ያለ ማብራሪያ ያልቃል። ፒፕ ሌሊት ሞረዱን በሕልሙ ያየዋል እንጂ ሰውዬው ማን እንደላከው አይጠይቅም። የነርሷ ደብተር በዚህ ምዕራፍ አንጻር «ሞረዱን ማን ሰጠው? ገንዘቡስ የማን ነው?» ይላል። የእኔ ደግሞ፣ አፍሬ ልናገርና፣ «የመጠጥ ቤቱ ገለጻ ግሩም ነው» ብቻ ይላል።

ቀጥሎ ምዕራፍ 28 ይመጣል። ፒፕ ለንደን ሆኖ ጨዋ ሰው ሆኗል፤ ኤስቴላን ሊያይ በሠረገላ ወደ አገሩ ሲመለስ በዚያው ሠረገላ ሁለት እስረኞች ይሳፈራሉ። አንደኛው ያ የሞረዱ ሰውዬ ነው። ከፒፕ ጀርባ ተቀምጦ ለባልንጀራው ሲያወራ፣ ሁለቱን ኖቶች አንድ ሌላ እስረኛ «አብልቶኝ ምሥጢሬን ለጠበቀልኝ ልጅ አድርስልኝ» ብሎ እንደሰጠው ይናገራል። ከዚህ በኋላ አንባቢው የሚያውቀው ግልጽ ነው። እስረኛው ልጁን አልረሳም፤ ውለታውን በገንዘብ ይመልሳል፤ ገንዘቡንም በሰው እጅ ይልካል። ሌላ ሰው መሀል ገብቶ፣ የሰጪው ስም ሳይነገር ለፒፕ ገንዘብ ሲደርስ ምዕራፍ 10 የመጀመሪያው ነው፤ ምዕራፍ 18 በጠበቃው እጅ ሁለተኛው። የተለወጠው የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ጣልቃ ገቡ። ቅኔ ቤት እያሉ አንድ ተማሪ ሰሙን ብቻ ተናግሮ «ወርቁ ደግሞ እንዲህ ነው» ቢል መምህሩ «ኅብረ ቃሉን አሳየኝ» ይሉት ነበር አሉን። ሰሙንም ወርቁንም የተሸከመው ያ አንድ ቃል ከሌለ ወርቁ ከውጭ የመጣ ነው፤ አይቆጠርም። «እዚህ ላይ ኅብረ ቃሉ ሞረዱ ነው። መጀመሪያ ስታነቡት ልጅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ፍጻሜውን ካወቃችሁ በኋላ ያው ሞረድ ‘አልረሳሁህም’ የሚል መልእክት ነው። ደራሲው አንድም ቃል አልለወጠም፤ የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ይህ ጥያቄ ለቀሪዎቹ ሳምንታት መለኪያችን ሆነ። አንድ ሰው «ይኼ ንግር ነው» ባለ ቁጥር «ኅብረ ቃሉ የታለ?» እንለዋለን። ጠቋሚው በመጀመሪያው ንባብ የራሱ ሥራ ሊኖረው፣ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ ያው ዐረፍተ ነገር ሌላ ሥራ ሊሠራ ይገባዋል። የመጀመሪያው ሥራ ከሌለው ደራሲው አንባቢውን ጎንተል እያደረገ ነው። ሁለተኛው ከሌለው ደግሞ እኛ ነን ፈጥረን የለጠፍንበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልቦለዱ የወጣው ዲከንስ ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ፣ ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ36 ክፍል ነው። ምዕራፍ 10ን ያነበበ ሰው ምዕራፍ 39 እስኪደርስ ወራት ይጠብቃል። የምዕራፍ 28 ሠረገላ በእኔ ግምት ለዚህ ያስፈለገ ነው፤ ከመሀል ላይ ቆሞ ሞረዱን ለረሳው አንባቢ ያስታውሳል። መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ለሚጨርስ ዘመናዊ አንባቢ ግን ምዕራፍ 28 ጠቋሚውን ትንሽ ያጋልጠዋል። መሐንዲሱ ነገሩን መጠርጠር የጀመረው እዚያ ላይ ነበር።

የሐሰቱ ዱካ

ተማሪዋ ጥሩ ጥያቄ አነሣች። «ጠቋሚው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ እናንተስ ለምን ሳታውቁት ቀራችሁ?»

ደብተሮቹን ስናይ መልሱ ተገኘ። ወደ ሚስ ሃቪሻም የሚያመለክተው ነገር በርካታ ነው። ፒፕ ጃገርስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በእርሷ ቤት ደረጃ ላይ ነው፤ እጁ የሽቶ ሳሙና ይሸታል። ለንደን ውስጥ የተሰጠው አስተማሪ የእርሷ ዘመድ ነው። ፒፕ ሊሰናበታት ሲሄድ ስለ ሀብቱ ቀድማ ሰምታለች፤ ዘመዷ እንድትቀና ብላ እንደ ሰጪ ሆና ትስቅበታለች። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ሞረዱ ይረሳል።

ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም ውሸት አይደለም። ጃገርስ የሴትዮዋም ጠበቃ ስለሆነ ከቤቷ ቢገኝ አይደንቅም። በየትኛውም ገጽ «ሰጪዋ ሚስ ሃቪሻም ናት» ያለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለው ፒፕ ነው፣ ያመነውም እኛ ነን። ምዕራፍ 40 ላይ ፒፕ ሲያማርር ጠበቃው የሚሰጠው መልስ ባጭሩ፣ ነገርን በመልኩ ሳይሆን በማስረጃ ያዝ የሚል ነው። የሒሳብ ባለሙያው ይህን ሲሰማ ሳቀ። «በእኛ ሙያ ቋንቋ ፒፕ ደረሰኝ ሳይይዝ ነዋ የመዘገበው!»

ደራሲ አንባቢን ሊያሳስት መብቱ ነው፤ በተራኪው አፍ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ካናገረ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። እዚህ አልተበላሸም።

የሞሊ እጆች

ሁለተኛው ምሥጢር የኤስቴላ ወላጆች ናቸው። ጃገርስ ሞሊ የምትባል የቤት ሠራተኛ አለችው። ጸሐፊው ዌሚክ ምዕራፍ 24 ላይ «እራት ስትጠራ ሠራተኛዋን ልብ ብለህ እያት» ይለዋል፤ ምዕራፍ 26 ላይ ጃገርስ ራሱ ጠባሳ ያለበትን አንጓዋን ለእንግዶቹ በግድ ያሳያል። በሌላ በኩል ፒፕ ኤስቴላን ባየ ቁጥር የሆነ ነገር ብልጭ ይልበታል፤ ማንን እንደምትመስል ግን አይዝለትም። ምዕራፍ 48 ላይ የሞሊ ጣቶች ሹራብ እንደሚሠራ ሰው ሲንቀሳቀሱ ያይና ሁለቱ ይገጥሙለታል። እናቷ ሞሊ ናት፤ አባቷም ማግዊች መሆኑ ትንሽ ቆይቶ ይታወቃል።

የአባትየው ጠቋሚ ከእናትየው ይልቅ ቀጭን ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የወደድሁት እርሱን ነው። ምዕራፍ 42 ላይ ማግዊች የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ ስለ ሚስቱ አንድ ነገር ይጀምርና ያቋርጠዋል። መጽሐፍ ሲያነብ መስመሩ እንደጠፋበት ሰው ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ ሌላ ነገር ያወራል። መጀመሪያ ሲነበብ የደከመ ሽማግሌ ንግግር ነው። ኋላ ሲነበብ የጠፋች ልጁ እዚያች ዝምታ ውስጥ አለች።

ሆኖም በዚህ ምሥጢር ላይ ሁላችንም አልተስማማንም። መሐንዲሱ «ጠቋሚው ሞልቷል፤ እኔን ያልዋጠልኝ አጋጣሚው ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የእስረኛው ልጅ እንዴት የፒፕ ፍቅረኛ ሆነች?» አለ። ትልቅ ነጥብ ነው። ንግር ለድንጋጤ ያዘጋጃል፤ ለአጋጣሚ ግን ዋስ አይሆንም። ለአጋጣሚ የሚያስፈልገው ምክንያት ነው። ወደ መጽሐፉ ተመልሰን ፈለግን። ሞሊን በፍርድ ቤት የተከራከረላት ጃገርስ ነው፤ ልጇን ወስዶ ለሚስ ሃቪሻም የሰጠው ጃገርስ ነው፤ የማግዊች ጠበቃም ጃገርስ ነው። ሦስቱ ክሮች በአንድ ሰው እጅ ናቸው። መሐንዲሱ በዚህ ግማሽ ያህል ረካ። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም እስረኛው በመጀመሪያ ያገኘው ልጅ ፒፕ ራሱ መሆኑ፣ ዕድል ነው፤ የመጽሐፉ መነሻ ስለሆነ ይቅር እንለዋለን። አጋጣሚ ታሪክ ሲጀምር ይታገሡታል፤ ታሪክ ሲዘጋ ግን ያስቆጣል።

ያልሠራው

ጋሼ በደብተራቸው በየምዕራፉ በርካታ መስመር ጽፈው ነበር። ጉም ካዩ «ጉም»፣ ሻማ ካዩ «ሻማ» ብለዋል። ፍጻሜው ላይ ስንደርስ ያልተያዘ ነገር አልነበረምና ደብተሩ ምንም አላሳየንም። እርሳቸውም «ሁሉን የጠረጠረ ማንንም አልያዘም» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ምዕራፍ ከሁለት መስመር በላይ እንዳይጻፍ ወሰንን። መምረጥ ግድ ሲሆን ሰው የሚጽፈው ከቦታው ጋር ያልገጠመለትን ነገር ነው። ሞረድ በመጠጥ ቤት፣ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር፣ ያለ ምክንያት የሚታይ አንጓ፤ የጠቀሙን ጠቋሚዎች ሁሉ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

የጠቋሚዎቹን ብዛት መቁጠርም አልሠራም። አንድ ምሽት ለሚስ ሃቪሻም ስንት፣ ለማግዊች ስንት ብለን ደመርን። ሚስ ሃቪሻም አሸነፈች። ለማግዊች የነበሩት ጥቂት ናቸው፤ ግን ሌላ ማብራሪያ የላቸውም። የጆ ሞረድ ከዚያ እስረኛ በቀር ከማንም እጅ ሊወጣ አይችልም።

ሦስተኛው ጉድለት ከፍጻሜው በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ንግር መፈልሰፍ ነው። ተማሪዋ ምዕራፍ 3 ላይ እስረኛው ሲበላ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ሰዓት ቀጭ የሚል ድምፅ እንዳለ አስተዋለችና «የሚስ ሃቪሻም የቆሙ ሰዓቶች ንግር ነው» አለች። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን የእስረኛው ጉሮሮና የሴትዮዋ ሰዓት በኋላ የትም አይገናኙም። ድምፁ የሚመለሰው በሌላ ስፍራ ነው። ምዕራፍ 54 ላይ ማግዊች ዳግም ሲያዝ፣ ፒፕ ከጀልባው ውስጥ ከአጠገቡ ተቀምጦ ያን የቆየ የጉሮሮ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ሰውዬው ሁሉ ለስልሷል ይላል። ልጅን ያስፈራ የነበረ ድምፅ የሚወደድ ሰው ድምፅ ሆነ። ተማሪዋ ያነሣችው ነገር ትክክል ነበር፤ የተጣለበትን ቦታ ነው የሳተችው።

በተቃራኒው መሐንዲሱ ሊጥለው የነበረ ጠቋሚ ነበር። ምዕራፍ 8 ላይ ፒፕ ሚስ ሃቪሻም ከተተወው ጠላ መጥመቂያ አግዳሚ እንጨት ላይ ተሰቅላ የሚያያት ይመስለዋል። ሴትዮዋ የሞተችው ግን ተሰቅላ አይደለም፤ ምዕራፍ 49 ላይ ልብሷ በእሳት ተያይዞ ነው የተጎዳችው። «እንግዲህ ንግሩ ከሸፈ» አለ። ምዕራፍ 49ን ደግመን ስናነብ ግን ልክ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ያው የተሰቀለች ሴት ምስል ለፒፕ ተመልሶ ይታየዋል። ደራሲው ራሱ ደግሞ ሲያነሣው ሆን ብሎ ነው። የሚመጣውን ነገር መልኩን ሳይሆን ክብደቱን የሚናገር ንግርም አለ።

ሁለቱ ፍጻሜዎች

በአሥረኛው እሑድ የቀረን ጥያቄ የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ፒፕ በፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ቤት አጸድ ውስጥ ኤስቴላን ያገኛታል። የሚደበድባት ባሏ ሞቷል፤ መከራ ለውጧታል። እርሷ «ተለያይተንም ወዳጆች እንሁን» ትላለች። እርሱ እጇን ይይዛል፤ የምሽቱ ጉም ሲገለጥ ከእርሷ ዳግም የመለያየት ጥላ አላየሁም ብሎ ይጨርሳል።

ዲከንስ መጀመሪያ የጻፈው ይህን አልነበረም። በመጀመሪያው ረቂቅ ኤስቴላ ሌላ ሰው አግብታለች፤ ከፒፕ ጋር ለንደን መንገድ ላይ ለአፍታ ተገናኝተው ይለያያሉ። ጓደኛው ደራሲው ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ለውጠው ስላለው ከመታተሙ በፊት ለወጠው። የቀድሞውን አንባቢ ያየው ዲከንስ ከሞተ በኋላ፣ ጓደኛው ጆን ፎርስተር በ1874 ባወጣው የዲከንስ የሕይወት ታሪክ ላይ ነው። ለእኛ ይህ ሁለተኛ ሙከራ ሆነ። ቀደም ሲል አንድ ፍጻሜና ሁለት ዓይነት ጠቋሚ ነበረን፤ አሁን ደግሞ አንድ ዓይነት ጠቋሚና ሁለት ፍጻሜ።

እያንዳንዱን ፍጻሜ ይዘን «ይህ እውነት ከሆነ ከዚህ በፊት ከተነገረው የትኛው ሥራ ፈት ይሆናል?» አልን። አብረው ይሆናሉ ካልን ኤስቴላ ምዕራፍ 38 ላይ ለሚስ ሃቪሻም «እኔ አንቺ የሠራሽኝ ነኝ» ያለችው ይላላል። ይለያያሉ ካልን ደግሞ በዚያው ምዕራፍ ፒፕ ኋላ ባሏ ስለሚሆነው ሰው «ሰውዬውን ታጠምጂዋለሽ?» ሲላት «አዎን፤ ሌሎቹንም ሁሉ፣ ካንተ በስተቀር» ያለችው ሜዳ ላይ ይቀራል። ጠቋሚዎቹ ተካክለው ቆሙ።

ነርሷ ሚዛኑን የደፋ ነገር ከደብተሯ አነበበች፤ ኤስቴላ ከምዕራፍ 44 በኋላ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ በአካል አትታይም። የማግዊችን መለወጥ በየደረጃው አይተናል፤ የፒፕንም እንዲሁ። የእርሷን መለወጥ ግን በወሬ ነው የሰማነው። «በሽተኛው ድኗል ብለው ካርድ ሰጡኝ፤ በመሀል ያለው ገጽ የለም» አለች። የምሥጢር መገለጥ በአንድ ሞረድ ይዘጋጃል፤ የሰው ልብ መለወጥ ግን ከእይታ ውጭ አልፎ በአንድ ጠቋሚ አይዘጋጅም። አራታችን ሁለተኛውን ፍጻሜ «የተለጠፈ» አልነው። ጋሼና ተማሪዋ አልተስማሙም።

ተማሪዋ ያመጣችው መከራከሪያ ጉሙ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ፣ ምዕራፍ 19 መጨረሻ ላይ፣ ፒፕ ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ለንደን ሲሄድ ጉሙ ተገልጦ ዓለም ከፊቱ ተዘርግቶ ይታየዋል። የመጨረሻው ምዕራፍ ይህንኑ ጉም በስሙ ጠርቶ ያነሣዋል። «ኅብረ ቃሉ ይኸውላችሁ» አለች፤ «ከ40 ምዕራፍ በፊት የተዘራ ነው።»

ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ጉሙ መጀመሪያ ሲገለጥለት ያየው ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት።

ምዕራፍ 19ን ከፈትን። ያኔ ፒፕ ያየው ሰጪው ሚስ ሃቪሻም መሆኗን፣ ኤስቴላም የእርሱ መሆኗን ነው። በሕይወቱ ሁሉ ከዚያች ሰዓት የባሰ ተሳስቶ አያውቅም። ታዲያ ያው ሰው፣ ያው ጉም ሲገለጥለት «የመለያየት ጥላ አላየሁም» ቢለን የምናምነው በምን ዋስትና ነው? ዐረፍተ ነገሩ አይለያዩም አይልም፤ አላየሁም ነው የሚለው።

እኔ ድምፄን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው። ፍጻሜውን እንደ ሠርግ ካነበብነው የተለጠፈ ነው፤ እንደ ፒፕ የመጨረሻ ግምት ካነበብነው ግን ከምዕራፍ 19 የበቀለ ነው። ነርሷ «ይህ ደራሲውን ማዳን ነው» ብላ እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም። ዲከንስ ፍጻሜውን የለወጠው በጓደኛ ምክር መሆኑ ለእርሷ ይመሰክራል፤ ጉሙን በዚያች ምዕራፍ መልሶ መጥራቱ ደግሞ ለእኔ።

ከዚህ የወሰድነው

አሁን አዲስ መጽሐፍ ስንጀምር በመጀመሪያ እትሙ ሙሉ መሆኑን እናረጋግጣለን። በአጠረ መጽሐፍ ላይ ስለ ፍጻሜ መፍረድ አይቻልም፤ አሳጣሪ በመጀመሪያ የሚያወጣው ሥራ ፈት የሚመስለውን ትዕይንት ነው፣ ንግር ደግሞ ሥራ ፈት መስሎ ነው የሚኖረው። በአንድ ምዕራፍ ሁለት መስመር እንጽፋለን፤ አንሰርዝም። ካለቀ በኋላ መስመሮቹን በሦስት እንከፍላቸዋለን፦ ሳናውቅ የጻፍነው፣ ደግመን ስናነብ ያገኘነው፣ እንዲኖር ስለፈለግን ያየነው። ፍጻሜው የሚቆመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ብቻ ነው። ምሥጢር ሲገለጥና ሰው ሲለወጥ ደግሞ በአንድ ሚዛን አንመዝንም።

የሒሳብ ባለሙያው ሙሉውን እትም ገዝቶ እንደገና ጀመረ። ባለፈው እሑድ ምዕራፍ 10 ላይ እንደደረሰ ነገረን። «እንዴት ነበር?» አልነው።

«ደንግጬ ማንበብ ፈልጌ ነበር» አለ፤ «ሰውዬው ገና ከኪሱ ሳያወጣው ግን እጁ ላይ ሞረዱን አየሁት።»